ስልኬ ሁለት ነው ወይስ ዘጠኝ? ስለ ቁጥር ድምር ለወጣ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«የቤትህን ቁጥር አኃዞች ደምር። አንድ አኃዝ እስኪቀር ድረስ መደመርህን ቀጥል። የቀረው የቤቱ ጠባይ ነው። 1 መሪነት፣ 2 ጥንድነት፣ 3 ጨዋታና ጥበብ፣ 4 ልፋት፣ 5 ለውጥና ጉዞ፣ 6 ቤተሰብ፣ 7 ብቸኝነትና ጸሎት፣ 8 ገንዘብ፣ 9 ርኅራኄና ፍጻሜ። ስልክህንም እንዲሁ አድርግ። 11 ወይም 22 ከመጣ ግን አትንካው፣ ልዩ ነው። ይህ ከፓይታጎረስ የመጣ፣ አባቶቻችንም በአውደ ነገሥትና በባሕረ ሐሳብ የሚያውቁት ጥበብ ነው። ቻይናዎች ለ8 ሚሊዮኖች የሚከፍሉት ለቀልድ አይደለም። ቁጥራቸውን ቀይረው ሕይወታቸው የተቀየረ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። አንተም ካልተስማማህ ሲምህን ቀይር፤ ለቤትህ ደግሞ የጎደለውን አኃዝ ከበሩ በስተውስጥ ለጥፍ።»

ጽሑፉን የላከችልኝ የአክስቴ ልጅ ናት። ስትልክልኝ ሲሟን ቀይራ ጨርሳ ነበር። ስለ እሷ ኋላ እመለሳለሁ። ጸሐፊውን አላውቃቸውም። አጻጻፋቸው ለዛ አለው፣ ክፋትም የለበትም። ስለዚህ ቡና ላይ እንደሚደረግ ክርክር አንድ በአንድ ልሂድበት።

ከመደመሩ እንጀምር። ያደግኩበት የቀበሌ ቤት ቁጥሩ 412 ነበር። አራት፣ አንድ፣ ሁለት፤ ሲደመር ሰባት። ብቸኝነትና ጸሎት መሆኑ ነው። በዚያ ግቢ አምስት አባወራ ነበርን። ሽንት ቤቱ አንድ፣ ቧንቧው አንድ። ብቸኝነት የሚባል ነገር በዓይኔም አላየሁ። ጸሎቱ ግን እውነት ነው። ጠዋት ጠዋት ወረፋው ላይ ያልጸለየ አልነበረም።

አሁን 412ን ለ9 አካፍሉት። 45 ጊዜ ይደርስና 7 ይተርፋል። ያው ሰባት። አጋጣሚ አይደለም። አሥር ለዘጠኝ ሲካፈል አንድ ይተርፋል። መቶም ሲካፈል አንድ፣ ሺህም ሲካፈል አንድ። ስለዚህ ከአራቱ መቶ 4 ይተርፋል፣ ከአሥሩ 1፣ ሁለቱ እንዳለ 2። አኃዞችን መደመር ማለት ቁጥሩን በዘጠኝ መግደፍ፣ አካፍሎ ትርፉን ብቻ መያዝ ማለት ነው። ምንም ካልተረፈ 9 ይባላል። በቃ፣ ምስጢሩ ይህ ነው። ካልኩሌተር ባልነበረበት ዘመን የሒሳብ ሰዎች ትልልቅ ብዜት መሳሳት አለመሳሳታቸውን በዚህ ያጣሩ ነበር። ደህና መሣሪያ ነው፣ ለዚያ ሥራ።

ዘጠኝስ ከየት መጣ? ከጣታችን። አሥር ጣት ስላለን በአሥር እንቆጥራለን፤ ከአሥር አንድ ሲነሳ ዘጠኝ ነው። ስምንት ጣት ያለው ፍጥረት ቢኖር ያንኑ የእኛን ቤት 634 ብሎ ይጽፈው ነበር፤ ስድስት ጊዜ ስልሳ አራት፣ ሦስት ጊዜ ስምንት፣ ከዚያ አራት። እሱ ደግሞ አኃዞቹን ሲደምር የሚገድፈው በሰባት ነው። 412 በሰባት ሲገደፍ 6 ይተርፋል። ግድግዳው ያው፣ ወረፋው ያው፣ የቤቱ «ጠባይ» ግን ከብቸኝነት ወደ ቤተሰብ ዞረ። እንግዲህ ጠባዩ የቤቱ ነው ወይስ የጣቶቻችን?

ወደ ስልኩ እንምጣ። ጽሑፉ የሚፈርሰው እዚህ ጋ ስለሆነ ቀስ ብለን እንሂድ።

ቁጥሬን አልጽፈውም፤ ደውላችሁ «ስንት ወጣህ?» ትሉኛላችሁ። በ0911 ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ያሉት ስድስት አኃዞች ሲደመሩ 27 ይሆናሉ። 0911 ለብቻው 11 ነው። አሥሩ አኃዝ በጠቅላላ 38። ሦስትና ስምንት 11።

11ን አትንካው ተብያለሁ። ካልነካሁት ልዩ ሰው ነኝ። ከነካሁት 2 ነኝ፣ ጥንድ። ይህን አልኩና አንድ በዚህ ነገር የተመራመረ ወዳጄን ጠየቅኩት። «0911ማ የሁሉም ሰው ነው፣ የአንተ ስድስቱ ብቻ ናቸው» አለኝ። እሺ፣ ስድስቱ 27 ናቸው፤ ሁለትና ሰባት 9። ርኅራኄና ፍጻሜ። ከውጭ የሚደውልልኝ ሰው ደግሞ ዜሮዋን ትቶ +251 ይጨምራል። 38 ላይ 8 ሲጨመር 46፤ አራትና ስድስት 10፤ አንድና ዜሮ 1። መሪ ሆንኩ። አንድ ሲም፣ አንድ ኪስ ውስጥ፣ በአንድ ከሰዓት አራት ዕጣ ፈንታ አወጣልኝ፦ 11፣ 2፣ 9፣ 1። ጸሐፊው ከየትኛው አኃዝ መቁጠር እንደሚጀመር አልነገሩንም። ቢነግሩን ኖሮ ደግሞ «ለምን ከዚያ?» ብለን እንጠይቃቸው ነበር።

የ251ን ነገር ትንሽ ላብራራው፣ ደስ ስለሚል። ሁለት፣ አምስትና አንድ 8 ናቸው። በዘጠኝ ለሚገድፍ ሰው 8 መጨመርና 1 መቀነስ አንድ ነው። ስለዚህ ማንኛውም የኢትዮጵያ ስልክ ከውጭ ሲደወልለት ድምሩ አንድ ይወርዳል። 8 የነበረው 7፣ 7 የነበረው 6፤ 1 የነበረው ደግሞ ዞሮ 9 ይሆናል። የእስራኤል 972 ግን ሲደመር 18 ነው፣ ማለትም 9፤ ዘጠኝ ለዚህ ሒሳብ እንደሌለ ነው። ቴል አቪቭ ያለ ዘመዳችን ከየትም ቢደወልለት ዕድሉ ንቅንቅ አይልም። ዱባይ ያለችው 971 አላት፣ እሱም እንደ እኛው 8 ስለሚሆን አንድ ትወርዳለች። ሪያድ ያለው በ966 ሦስት ይወጣል። የትኛው አገር ምን ኮድ እንደሚይዝ የተወሰነው በዓለም አቀፍ የቴሌኮም ድልድል ነው። ኮከብ የጠየቀ አልነበረም።

ከዚህ የሚብሰው የመስከረም 1998 ዓ.ም ነገር ነው። በዕድሜ ገፋ ያላችሁ ታስታውሳላችሁ። የአገሪቱ የስልክ ቁጥር አሰጣጥ ተቀይሮ ቁጥሮቹ ረዘሙ። እንደ እኔ ያለው የአዲስ አበባ ሞባይል 09 እና ስድስት አኃዝ ብቻ ነበር። ከ09 ቀጥሎ 11 ገባበት። የእኔ ድምር 36 ነበር፣ ማለትም 9። ሲቀየር 38 ሆነ፣ ማለትም 2። ሲሙን ከስልኩ አላወጣሁትም፣ ሱቅ አልሄድኩም፣ አምስት ሳንቲም አልከፈልኩም። በአንድ ሌሊት የ0911 ሰው ሁሉ ሁለት እርምጃ ወደፊት ሄደ። ባለ 6ቱ ባለ 8 ሆነ፣ ከቤተሰብ ወደ ገንዘብ። ባለ 5ቱ ባለ 7 ሆነ፣ መንገደኛው ባሕታዊ ሆኖ አደረ። ጸሐፊው ትክክል ቢሆኑ ያ መስከረም በታሪካችን የሚጠቀስ ወር በሆነ ነበር። እኔ የማስታውሰው ሰው ሁሉ የስልክ መመዝገቢያ ደብተሩን በእስክሪብቶ ሲያርም ብቻ ነው።

የቤቱም ችግር ከዚሁ ይመዘዛል። አሁን የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። ብሎክ 14፣ የቤት ቁጥር 23። ቤቱ ብቻ 5። ከብሎኩ ጋር 10፣ ማለትም 1። ወረዳው 8 ስለሆነ እሱንም ብጨምር 18፣ ማለትም 9። የዚህ የቁጥር ንባብ፣ የኒውመሮሎጂ፣ መምህራን አንዳንዶቹ የበርህን ቁጥር ብቻ ቁጠር ይላሉ፣ ሌሎች የሕንፃውም ይጨመር ይላሉ። መታወቂያው ላይ በቤት ቁጥር ቦታ «አዲስ» ተብሎ የተጻፈለት የአዲስ አበባ ሰው ምን ይደምር? ጠባይ የለውም ማለት ነው?

ለመሆኑ መንግሥታት ቤት የሚቆጥሩት ለምን ነበር? በኦስትሪያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1770 ንግሥቲቱ ማሪያ ቴሬዛ ቤቶች እንዲቆጠሩ ስታዝ ዋናው ዓላማ ለውትድርና የሚሆን ወንድ የት እንዳለ ማወቅ ነበር። ፓሪስ እ.ኤ.አ. በ1805 የዛሬውን አሠራር አወጣች፤ ጎዶሎ ቁጥሮች በአንድ ወገን፣ ሙሉዎቹ በሌላው። ከወንዙ ጎን ለጎን በሚሄዱ መንገዶች ላይ ቁጥሩ የሴይንን ፍሰት ተከትሎ ይጨምራል። በዚያ ዓይነት መንገድ በጎዶሎው ወገን ከ1 ጀምራችሁ ስትሄዱ ድምሩ 1፣ 3፣ 5፣ 7፣ 9፣ 2፣ 4፣ 6፣ 8 እያለ ይሄድና ተመልሶ 1 ይላል። በየዘጠኝ በሩ አንድ የገንዘብ ቤት፣ በየዘጠኝ በሩ አንድ የብቸኛ ቤት፣ መንገዱ እስኪያልቅ። ይህ እውነት ቢሆን የቤት ደላላ ከማንም ቀድሞ በደረሰበት ነበር። ደላላ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አያመልጠውም።

ስለ ጥንታዊነቱ ጸሐፊው ግማሽ እውነት አላቸው፣ ግማሹን ልስጣቸው። ፓይታጎረስ ራሱ ጽፎ የተወው ነገር የለም። ግሪኮች ግን ቁጥር የሚጽፉት በፊደል ስለነበር የሰውን ስም ወደ ቁጥር ለውጦ በዘጠኝ መግደፍ በእርግጥ ጥንታዊ ነው። በሦስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሮም የነበረው ሂፖሊተስ፣ በእኛ መጻሕፍት አቡሊዲስ የሚባለው፣ ይህንን ልማድ የጻፈው ሊያፌዝበት ነው። ከሚገድፉት መካከል በዘጠኝ የሚገድፍም በሰባት የሚገድፍም እንደነበረ ይነግረናል። ልብ በሉ፣ ከ1,800 ዓመት በፊትም «በስንት እንግደፍ?» ላይ አልተስማሙም። የዛሬው ኒውመሮሎጂ ግን መልኩን የያዘው በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ነው፤ ባሊየት የምትባል የአትላንቲክ ሲቲ ሴት ጽሑፎች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። የስልክ ቁጥርማ ለፓይታጎረስ ማን ነግሮት።

አውደ ነገሥት ስም ከእናት ስም ጋር ቆጥሮ በ12 ይገድፋል፣ አሥራ ሁለት ኮከብ ስላለው። እመኑትም አትመኑትም፣ ይህ ቆጠራ በዘጠኝ አይደለም። ባሕረ ሐሳብን እዚህ መጨመር ግን አሳዝኖኛል። እዚያ ዓመተ ዓለሙ በ19 ይገደፋል። ከትርፉ አንድ ሲቀነስ ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ ይወጣል። ለምን 19? ጨረቃ ከ19 ዓመት በኋላ ወደ ያው ቀን ስለምትመለስ። ለምን 11? የፀሐይ ዓመት ከጨረቃው ዓመት በ11 ቀን ገደማ ስለሚበልጥ። ቀና ብላችሁ ብታዩ ሰማይ ላይ ታገኙታላችሁ። ቢሳሳት ደግሞ ይታወቃል፤ ጨረቃዋ በተባለችበት ቀን አትገኝም። በ9 የምንገድፈው ግን በአሥር ስለምንጽፍ ብቻ ነው። ሁለቱም መግደፍ ስለሆኑ አንድ ናቸው ማለት ዳቦም ድንጋይም ክብ ነው እንደማለት ነው።

የቻይናዎቹ ነገር አጭር ነው። እዚያ 8 የሚወደደው አነባበቡ ሀብት ማግኘት ከሚለው ቃል ጋር ስለሚቀራረብ ነው፤ 4 የሚጠላው «ሞት» ከሚለው ጋር ስለሚመሳሰል ነው። ነገሩ ድምፅ እንጂ ድምር አይደለም። የሲቹዋን አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2003 ስምንት ስምንቶች የተደረደሩበትን ስልክ በ2.33 ሚሊዮን ዩዋን ገዛ። ስምንት ጊዜ ስምንት 64፤ ስድስትና አራት 10፤ መጨረሻው 1። በጸሐፊው ሒሳብ አየር መንገዱ ያን ሁሉ ገንዘብ ከፍሎ ያገኘው 8ን አይደለም። አንድ ነገር ግን አምናለሁ። በካናዳ ቫንኩቨር አካባቢ የቤት ሽያጭ ሲጠና፣ ቻይናውያን በብዛት በሚኖሩባቸው ሰፈሮች ቁጥራቸው በ4 የሚያልቅ ቤቶች በ2 በመቶ ገደማ ረክሰው፣ በ8 የሚያልቁት በዚያው መጠን ገደማ ተወደው ተገኝተዋል። ዋጋውን የለወጠው ግን የገዢው እምነት ነው። የታየውም የመጨረሻው አኃዝ ነው። ደምሮ የገዛ የለም።

ሕይወታቸው ስለተቀየረው ሰዎች ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ። ሰው ሲሙን መቼ ነው የሚቀይረው? ሥራ ሲጠፋ፣ ፍቅር ሲፈርስ፣ ንግድ ሲተኛ። ማለትም ነገር ታች በደረሰ ጊዜ። ከዚያ በኋላ ምንም ባይደረግ እንኳ አብዛኛው ነገር ትንሽ ይሻላል። ቀይሮ ያልተሻለው ደግሞ ታሪኩን ለማንም አይናገርም፣ ዝም ብሎ ሌላ ሲም ያወጣል።

«ቁጥሬ ልክ እኔን ነው የሚገልጸው» የሚለውም ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ1948 ፎረር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና መምህር ለ39 ተማሪዎቹ ፈተና ሰጠና «የእያንዳንዳችሁ ጠባይ ይኸው» ብሎ ወረቀት አደለ። ለሁሉም የሰጠው አንድ ዓይነት ወረቀት ነበር፣ ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ የተለቀመ። ተማሪዎቹ ለትክክለኛነቱ ከ5 በአማካይ 4.26 ሰጡት። እኔም ቤቴ ሞክሬዋለሁ። ለአምስት እንግዶች የጸሐፊውን የ3 እና የ7 መግለጫ አቀያይሬ አነበብኩላቸው። አራቱ «ቁርጥ እኔ!» አሉ። አምስተኛው ጥሬ ሥጋው ላይ ስለነበር አልሰማኝም።

ከበር በስተውስጥ ስለሚለጠፈው አኃዝ ብዙ አልልም። ፖስተኛ የማያየው፣ ቀበሌ የማያውቀው ቁጥር የቤቱን ዕድል ከለወጠ፣ ልጆቼ ግድግዳው ላይ በከለር የጻፉት 1፣ 2፣ 3 እስካሁን ስንት ጊዜ ለውጦናል።

ሲም መቀየሩ ግን ቀልድ አይደለም። የአክስቴ ልጅ ልብስ ትሸጣለች። አሮጌ ቁጥሯ 4 ወጣ፣ ልፋት። አዲስ ሲም ስትገዛ ሱቁ ውስጥ ቆማ እየደመረች 8 የሚመጣውን መረጠች። አሮጌውን ሲም ጣለችው። በሦስተኛው ቀን በባንኳ መተግበሪያ ገንዘብ ልትልክ ስትል የማረጋገጫው ኮድ ወደ ተጣለው ሲም ሄደ። መታወቂያ ይዛ ቅርንጫፍ ድረስ ሄዳ፣ ፎርም ሞልታ፣ ተመልሳ ሄዳ ነው የተስተካከለላት። የሞባይል ገንዘቧም በአሮጌው ቁጥር እንደተመዘገበ ነበር። ደንበኞቿ ደግሞ የሚደውሉት በጥንቱ ነው፤ የታተመው ካርድ ላይ ያለው እሱ ነው። ከሁሉ የሚያሰጋው ቴሌግራሟ ነበር። ለረጅም ጊዜ ያልሠራ ቁጥር ተመልሶ ለሌላ ሰው ይሸጣል። አዲሱ ባለቤት በዚያ ቁጥር ቴሌግራም ልክፈት ቢል የመግቢያው ኮድ ለእሱ ሊደርስ ይችላል። የግድ ቁጥር መቀየር ካለባችሁ አሮጌው ሲም በእጃችሁ እያለ መጀመሪያ ባንኩን፣ ከዚያ የሞባይል ገንዘቡን፣ ከዚያ ቴሌግራሙን ቀይሩ። ቴሌግራም ላይ Change Number የሚል አለ። ሲሙን ለተወሰኑ ወራት ሳትጥሉ አቆዩት።

ባለፈው እሁድ ይህን ሁሉ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ ለመቀለድ ያህል፣ «ዋሽንግተን ላለችው እህትሽ ግን አዲሱ ቁጥርሽ 8 አይደለም» አልኳት። «+251 ሲጨመርበት 16 ነው፣ ሰባት። ብቸኝነት።»

ትንሽ አሰበች። «አሮጌውስ?»

«4 ላይ 8፣ 12። ሦስት። ጨዋታ።»

«እሱስ እውነት ነው» አለች። «ድሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ነበር የምናወራው። አዲሱን እስካሁን አልመዘገበችውም መሰለኝ፣ ስደውል አታነሳም።»